«እንግዶች ያማርራሉ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆቴል ውስጥ ሠርቻለሁ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፍኩት እንግዶች የጻፉትን አስተያየት ሰብስቤ፣ አንብቤ፣ ለባለቤቶች በአንድ ወይም በሁለት ገጽ አሳጥሬ በማቅረብ ነው። አሁን ይህ ሥራ የእናንተ ሆኗል። ሆቴልም ሆነ ሱቅ ወይም የመልእክት አድራሽ ድርጅት፣ ደንበኛው የጻፈውን ሁሉ አንብቦ «ዋና ዋናው ቅሬታ ይህ ነው፣ የተመሰገነው ይህ ነው» የሚል ሰው ይፈልጋል። ሥራው ቀላል ይመስላል። እኔ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰውን ለብዙ ገንዘብ ኪሳራ ዳርጌአለሁ፤ የምነግራችሁም እሱን ነው።

ሆቴሉ ጎንደር ውስጥ ነው፤ ስሙ ይቅር። የአሥራ አራት ወር አስተያየት ተሰጠኝ። ከፊሉ ሪሴፕሽን ላይ በተቀመጠችው ሣጥን የገባ ወረቀት ነው፣ ከፊሉ ጉግል ካርታ ላይ የተጻፈ፣ የቀረው ደግሞ ክፍል ከሚያዝበት ድረ ገጽ የተወሰደ። በድምሩ 212 ነበር። ሁሉንም አነበብኩ። ሙቅ ውሃ፣ ሙቅ ውሃ፣ ሙቅ ውሃ የሚለው ጆሮዬ ላይ ቀረና በሪፖርቴ አናት ላይ «እንግዶች በሙቅ ውሃ እጦት ክፉኛ ያማርራሉ» ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቱ አነበበና በሁሉም ክፍል ያሉትን የሻወር ማሞቂያዎች አስነቅሎ አዲስ አስገባ።

ከአራት ወር በኋላ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ ሙቅ ውሃ የለም እያለ ነው ብለኸኝ አልነበር? ይኸው ማሞቂያውን በሙሉ ቀየርኩ፤ ዛሬም ሙቅ ውሃ የለም ይሉኛል» አለኝ። ልቤ ተሰበረ። ወረቀቶቹን እንደገና አወጣሁና በዚያች ሌሊት፣ መጀመሪያ ልሠራው ይገባኝ የነበረውን ሥራ ሠራሁ።

በመጀመሪያ የቆጠርኩት ወረቀት ሳይሆን ሰው ነው። አንዳንዱ እንግዳ ሣጥኑ ውስጥ ጽፎ፣ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ያንኑ ጉግል ላይ ይደግመዋል። የቆየበትን ቀንና የአጻጻፉን ሁኔታ ሳስተያይ ስምንቱ ድግግሞሽ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ የጻፉት 204 ሰዎች ናቸው። ስለ ሙቅ ውሃ ያማረሩት ደግሞ 31 መስለውኝ የነበሩት 28 ሆኑ። አንድ ሰው በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ «ውሃ» ቢል አንድ ሰው ነው። የእኔ ጆሮ ግን ሦስት ጊዜ ሰምቶት ነበር።

ቀጥዬ 28ቱን በቀን ደረደርኳቸው። አሥራ ሰባቱ የጻፉት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው፤ የጥምቀት ሳምንት። በአንድ አስጎብኚ የመጡ፣ በአንድ አውቶቡስ የወረዱ እንግዶች ነበሩ። ጥር 11 ለፋሲል መዋኛ የመጣው ሰው ሆቴሉን ሞልቶት ሳለ መብራት ጠፋ፤ ጀነሬተሩ ደግሞ የመብራቱን እንጂ የማሞቂያውን ጭነት አይችልም። አሥራ ሰባቱም እውነታቸውን ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ነው የወረደባቸው። ነገር ግን አሥራ ሰባት ጊዜ የደረሰ ችግር አልነበረም፤ አሥራ ሰባት ሰው ያየው አንድ ችግር ነበር። እኔ ሪፖርቱን ስጽፍ ዓመቱን ሙሉ የቆየ አስመስዬዋለሁ።

የቀሩት አሥራ አንዱ በዓመቱ ውስጥ ተበታትነዋል። እነዚህን ቁጭ ብዬ ቃል በቃል አነበብኳቸው። ዘጠኙ የክፍላቸውን ቁጥር ጽፈዋል ወይም «ላይኛው ፎቅ» ብለዋል። ሁሉም ሦስተኛ ፎቅ ናቸው፤ የሕንፃው መጨረሻ። አንዷ እንግዳ «ውሃው እንደ ክር ነው የሚወርደው፣ ማሞቂያው ጭራሽ አይበራም» ብላ ነበር። መልሱ እዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀምጦልኝ ነበር። የውሃው ታንከር ጣሪያ ላይ ነው፤ ከታንከሩ ሥር ያለው ፎቅ ከሁሉም ያነሰ ግፊት ያገኛል። ውሃው ሲያልፍ የሚያሞቀው ዓይነት ማሞቂያ ደግሞ በቂ ግፊት ካላገኘ አይበራም። አሮጌውም አዲሱም አንድ ዓይነት ነበሩ። ለሦስተኛ ፎቅ የሚያስፈልገው ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ነበር።

እንግዲህ ያቺን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሬን ተመልከቷት። «እንግዶች ያማርራሉ።» በአማርኛችን ባለቤትን በብዙ ቁጥር ዝም ብለን ስናስቀምጥ አንባቢው ሁሉም ወይም አብዛኞቹ ብሎ ይረዳዋል። ውሸት አልጻፍኩም፤ ያማረሩ እንግዶች አሉ። ግን ከ204 ውስጥ 28 ማለት ከመቶ አሥራ አራት ያህል ነው። ባለቤቱ ይህን ቁጥር ቢያይ ኖሮ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት «የትኞቹ ናቸው?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለቃላቶቼ ወሰን አበጀሁላቸው። «አብዛኞቹ» የምለው ከግማሽ በላይ ሲሆኑ ብቻ ነው። «ብዙዎች» የሚለውን ቁጥሩን አጠገቡ ሳላስቀምጥ አልጽፈውም። «አንዳንዶች» እና «ጥቂቶች» እንደ አንባቢው ልብ የሚሰፉና የሚጠቡ ስለሆኑ እነሱንም በቁጥር እተካቸዋለሁ። «ይባላል»፣ «ቅሬታ እየተሰማ ነው» የሚሉትን ግን ጨርሶ ትቻቸዋለሁ፤ ማን እንዳለው ይደብቃሉና። ከመቶ ስንት የሚለውም ቢሆን የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። በአንድ ወር ዘጠኝ ሰው ጽፎ ሦስቱ ቢያማርሩ «33 ከመቶ» ማለት አንባቢን ያስደነግጣል። «ከዘጠኝ ሦስት» በሉ፤ ያኔ አንድ ሰው ቢጨመር ወይም ቢቀነስ ነገሩ ምን ያህል እንደሚለወጥ አንባቢው ራሱ ያያል።

ሌላው የምትከፍሉበት ቁጥር ምን እንደሆነ ማወቅ ነው። ስለ ውሃ አንዳች ነገር ያነሱት 34 ነበሩ፤ 28ቱ ሲያማርሩ ስድስቱ አመስግነዋል። «ስለ ውሃ ከተናገሩት ከመቶ 82ቱ አልረኩም» ብል ስሌቱ ልክ ነው፤ ሥዕሉ ግን ጠማማ ነው። ሙቅ ውሃ ሲኖር ማን ይጽፋል? ሰው የሚጽፈው ሲጠፋበት ነው። በሌላ በኩል ዝም ያሉትን 170 ሰዎች «ረክተዋል» ብዬ መቁጠርም አልችልም፤ ስለ ውሃ ምንም አላሉም፣ በቃ። ከእነሱ ጀርባ ደግሞ በእነዚያ አሥራ አራት ወራት አድረው አንዲት ቃል ሳይጽፉ የሄዱ እንግዶች አሉ፤ ከጸሐፊዎቹ እጅግ ይበዛሉ። ለመጻፍ የሚነሳሳው ደግሞ በአመዛኙ በጣም የተደሰተው ወይም በጣም የተናደደው ነው። ስለዚህ «ከእንግዶቻችን 14 ከመቶ» አትበሉ። «አስተያየት ከጻፉልን 204 ሰዎች 28ቱ» በሉ። ረዘም ይላል፤ ግን የምታውቁት ያንን ብቻ ነው።

ምስጋናውም ላይ ተመሳሳይ ስህተት ነበረብኝ። 58 ሰዎች ሠራተኞቹን አመስግነዋል፤ እኔም «የሠራተኞቹ መስተንግዶ ተመስግኗል» ብዬ ዘግቼዋለሁ። እንደገና ሳነብ ከ58ቱ 33ቱ የሚያወሩት ስለ አንዲት ልጅ ነው። ቡና የምታፈላዋ፣ ፈንዲሻ የምታቀርበዋ፣ የእንግዳውን ስም ይዛ በማግስቱ የምትጠራው። ስሟን ያላወቁት እንኳ «ነጭ ቀሚስ የለበሰችው» ብለው ጽፈዋል። «መስተንግዶ» የሚለው ሰፊ ከረጢት የእሷን ሥራ ለሁሉም አካፍሎት ነበር። ያ ዓይነት ከረጢት ነገሮችን ያገዝፋል፤ የሪሴፕሽን መዘግየትን፣ የክፍል ጽዳትን፣ የምግብ መቆየትን «አገልግሎት» ብላችሁ ብታጠቃልሉ ትልቅ ቅሬታ ይወጣችኋል፣ ግን ማንም ሊያስተካክለው የሚችል ነገር አይሆንም። «አሪፍ ሆቴል»፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብቻ የሚሉትንም ለብቻቸው አስቀምጧቸው፤ ለቁርሱም ለአልጋውም ምስጋና አድርጋችሁ አትቁጠሯቸው።

አንድ ሰው ብቻ ስለተናገረው ነገር ግን ሌላ ሕግ አለኝ። ከ204 ውስጥ አንድ እንግዳ «ገላዬን ስታጠብ ቧንቧው ነዘረኝ» ብሎ ጽፏል። በመጀመሪያው ሪፖርቴ ላይ ቁጥሩ ትንሽ ነው ብዬ ጥዬዋለሁ፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ስንት ሰው እንዳለው አንድ ጉዳይ ነው፣ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በአንድ ሰልፍ አይደረደሩም። እንዲህ ያለውን ከዝርዝሩ አውጥታችሁ በገጹ ላይ ለብቻው «አንድ እንግዳ ተናግሯል፤ ዛሬውኑ ይታይ» ብላችሁ ጻፉት። አንድ መሆኑንም አትደብቁ። ኤሌክትሪሻኑ ሲያየው የዚያ ክፍል ማሞቂያ ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ አልተያዘም ነበር።

ያቺን ሌሊት ስጨርስም ብቻዬን አላመንኩትም። አርባ ያህሉን አስተያየት ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሰጥቼ፣ የእኔን ምድብ ሳላሳያት በራሷ እንድትመድበው ጠየቅኳት። በዘጠኙ አልተስማማንም። «ቁርሱ ምንም አይልም» የሚለውን እኔ ቅሬታ ብዬዋለሁ፣ እሷ ምስጋና። «አይከፋም» ላይም እንዲሁ። የእኛ ሰው ፊት ለፊት ላለማስቀየም የሚመርጣቸው ቃላት ናቸው፤ በግድ ወደ አንዱ ወገን ከገፋችኋቸው ቁጥሩን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ። «መካከለኛ» የሚል ሦስተኛ ክምር አበጅተን እዚያ አኖርናቸው። ያልተስማማችሁባቸው በበዙ ቁጥር ምድቦቻችሁ ገና አልጠሩም ማለት ነው።

ለባለቤቱ ያቀረብኩት ሁለተኛው ሪፖርት ስለ ውሃ እንዲህ ይል ነበር፦ «አስተያየት ከጻፉ 204 ሰዎች 28ቱ ሙቅ ውሃ አላገኘንም ብለዋል። 17ቱ በጥምቀት ሳምንት፣ መብራት በጠፋበት ጊዜ፣ በአንድ ቡድን የመጡ ናቸው። ከቀሩት 11 ውስጥ 9ኙ ሦስተኛ ፎቅ ያደሩ ናቸው፤ ሁለቱ የት እንዳደሩ አልጻፉም። ያልጻፉ የሦስተኛ ፎቅ እንግዶች ምን እንደገጠማቸው ከዚህ መረጃ አይታወቅም፤ ክፍሎቹን ገብቶ መሞከር ያስፈልጋል።» አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና አብረን ደረጃውን ወጣን። የመጨረሻውን ክፍል ከፍተን ሻወሩን ስንለቀው ውሃው እንደ ክር ወረደ፤ አዲሱ ማሞቂያም አልበራም።