ያሪሷ ሐረር ስትወጣ ነዳጅ ትበላለች

«ጋሼ፣ ያሪሴ ማንዋል ናት። ድሬ ውስጥ ፍጆታዋ እንደ ድሮው ነው። ቤተሰብ ይዤ ሐረር ደርሼ ስመለስ ግን ከሁለት ወር ወዲህ ነዳጁን ትጠጣዋለች። ካንዴላ አስቀየርኩ፣ ኢንጀክተር አሳጠብኩ፣ ለውጥ የለም። ፖርቶ መጋላ አስገጥሜ ዕቃ እጭናለሁ። ቁልቁለቱን ለመቆጠብ በፎሌ ነው የምወርደው።»

አቦ፣ ሞተሩን ተወው። እሱ ቢታመም ከከዚራ ሳቢያን ስትመላለስም ይበላብህ ነበር። ደህና ካንዴላ አውጥቶ ርካሹን የሚከት መካኒክ መቼም ያናድደኛል። አሮጌዎቹን ካልጣልካቸው እያቸው፤ ጫፋቸው ደረቅና ፈዛዛ ቡኒ ከሆነ ምንም አልነበረባቸውም።

እኔ የምጠረጥረው ፖርቶ መጋላውንና ጎማውን ነው። ደንገጎን ስትወጣ ቀስ ስለምትል ጣሪያ ላይ ያለው ዕቃ በነፋስ ብዙ አይጎዳህም። ከደንገጎ አልፈህ ወደ ሐረማያ ሜዳው ላይ ስትለቃት ግን በ80 የሚገጥምህ ነፋስ ከ60ው ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ዕቃውን ወደ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ዝቅ አድርገህ ጫን። ባዶውን ፖርቶ መጋላም ፍታው።

ወደ ጎማው ስንመጣ፣ ጎሚስታው «የድሬ ሙቀት ነው፣ ይፈነዳል» ብሎ ሳያስተነፍስልህ አልቀረም። ሁለቱ ጠርዞች ተበልተው መሃሉ ደህና ከሆነ ነገሩ ያው ነው። ጎማ በዞረ ቁጥር መሬት የነካው ቦታ ይጨፈለቅና ይመለሳል። ነፋሱ ካነሰ፣ በዚያ ላይ ጭነት ካለ፣ ጎኑ በጣም ይተጣጠፋል። ሽቦ ደጋግመህ ስታጥፈው እንደሚግል ጎማውም ይግላል፤ ያ ሙቀት ደግሞ ከሌላ ከየትም አይመጣም፣ ከቤንዚንህ ነው። ስለዚህ ሙቀት ላይ ቶሎ የሚፈነዳው ነፋስ ያነሰው ጎማ ነው። በር ስትከፍት ምሰሶው ላይ ያለው ወረቀት 33 ይላል እንበል። ከመንገድ መጥተህ ጎማው ግሎ 37 ሲያሳይ ወደ 33 ካስወረድከው፣ ጠዋት ቀዝቅዞ 29 ገደማ ታገኘዋለህ። ስለዚህ ጠዋት፣ ሳትነዳ ለካ። ወረቀቱ ላይ ለሙሉ ጭነት የተጻፈ ካለ ቤተሰብ ስትይዝ በእሱ ሙላ።

ፎሌውን ግን ዛሬውኑ ተው! ኢንጀክተር ያላት መኪና ማርሽ ውስጥ ሆና እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፤ ኢንጀክተሩ ይዘጋል፣ ነዳጅ አይገባም። ፎሌ ስታስገባት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ትሰጠዋለች። ቆጠብኩ ስትል እያባከንክ ነው። ከዚያ የሚብሰው፣ መኪናዋን ከነቤተሰብህ የሚይዛት ፍሬን ብቻ ይሆናል። ፍሬኑ ሲግል ፔዳሉን ትረግጣለህ፣ አይይዝም። ደንገጎን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ውረድ።

ይህን ካስተካከልክ በኋላ በጌጁ አትፍረድ። ታንከሩን ሞልተህ ሐረር ደርሰህ ተመለስ፣ እዚያው ማደያ ድጋሚ ሙላና ኪሎሜትሩን በገባው ሊትር አካፍል። ሙከራውንም ቢሆን በፎሌ እንዳትወርድ!