ጥያቄና መልስ፦ ከቤት መሥራት፣ ወጪው የማን ነው? ወደ ቢሮ ተመለሱ ሲባልስ?

ሰሚራ (ደሴ)፦ ጋሽ ሐሰን እንደምን ዋሉ። ኮምቦልቻ ባለ የንግድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። 14 ወር ከቤቴ ሆኜ ስሠራ ቆይቼ አሁን ከሰኞ ጀምሮ ቢሮ ግቢ ተባልኩ። ኢንተርኔቱን በወር 1,000 ብር ከኪሴ ነው የከፈልኩት፣ ላፕቶፑም የእኔ ነው። ሊያስገድዱኝ ይችላሉ? ወጪዬንስ ይመልሱልኛል?

ሐሰን፦ ሁለት ወረቀት አሳዪኝ ልጄ። አንዱ የቅጥር ውልሽ ነው፤ የሥራ ቦታ በሚለው ላይ ምን ተጽፏል? ሌላው ከቤት ሥሪ ያሉሽ ደብዳቤ ነው። የነገሩሽ በቃል ብቻ ከሆነም ንገሪኝ። ወረቀቱን ሳላይ የምሰጥሽ መልስ ግምት ነው የሚሆነው።

ሚኪ (ኮምቦልቻ)፦ ወረቀት ምን ያደርጋል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 46 ቤቱ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ራሱን የቻለ ውል ደንግጓል። ሰሚራ በዚያ ስር ናት፣ ማንም ቢሮ ሊጠራት አይችልም።

ሐሰን፦ አንቀጹ አለ፣ ቁጥሩንም ልክ ጠርተሃል። የሚያወራው ግን ስለ ሌላ ሰው ነው። አንቀጽ 46 ያሰበው ቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ቦታ ሆኖ፣ አሠሪው በቀጥታ ሳይቆጣጠረውና ሳይመራው፣ በክፍያ የሚሠራን ሰው ነው። ክሩን ወስዳ ጥበቡን ሠርታ የምታስረክብ ሸማኔ ትዝ ትበልህ። አንቀጽ 47 አሠሪው እንዲመዘግብ የሚያዝዘውም ይህንኑ ያሳይሃል፤ የተሰጠው ዕቃ ዓይነትና መጠን፣ ሥራው የሚረከብበት ጊዜና ቦታ፣ የሚከፈለው ገንዘብ።

ሰሚራ በሁለት ሰዓት ተኩል ኮምፒዩተር ከፍታ፣ አለቃዋ በስልክ እያዘዛት፣ በወር ደሞዝ የምትሠራ ሠራተኛ ናት። ወንበሯ ደሴ መሆኑ ብቻ ወደ አንቀጽ 46 አያስገባትም። ይህን አንቀጽ ይዞ ችሎት የሚቀርብ ሰው ሌላውን መብቱንም ሊያጣ ይችላል፤ በመደበኛ ሠራተኛነቱ ያለው ጥበቃ የሚሻለው ስለሆነ። እባካችሁ ተጠንቀቁ።

ሰሚራ፦ ውሉ «የሥራ ቦታ፦ ኮምቦልቻ» ይላል። ደብዳቤው ደግሞ «ሁኔታዎች እስኪስተካከሉ ድረስ ሥራዎን ከመኖሪያ ቤትዎ ሆነው እንዲያከናውኑ ተፈቅዷል» ነው የሚለው።

ሐሰን፦ አሁን መነጋገር እንችላለን። ውልሽ ቦታውን ኮምቦልቻ ብሎ አስሮታል። ደብዳቤው ያንን አልቀየረም፣ ለጊዜው ፈቀደልሽ እንጂ። «እስኪስተካከሉ ድረስ» ማለቱ ፈቃዱ ማብቂያ እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ ተመለሺ ሊሉሽ ይችላሉ። አንቀጽ 13 ሠራተኛው በውሉና በሥራ ደንቡ ላይ የተመሠረተ ትእዛዝን እንዲፈጽም ያስገድዳል፣ ይህ ትእዛዝ ደግሞ በውሉ ላይ የተመሠረተ ነው።

14 ወር መቆየቱ ራሱ መብት አይሆንም ወይ የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል፣ ጠበቃሽም ሊሞክረው ይችላል። እኔ ግን እንጀራሽን በእሱ ላይ እንድታስይዢ አልመክርሽም። ሰኞ ቅሪ ብዬሽ ብትቀሪ፣ በጽሑፍ አስጠንቅቀውሽ በስድስት ወር ውስጥ 5 የሥራ ቀን ከጎደለብሽ፣ አንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲያሰናብቱሽ በር ይከፍትላቸዋል።

ወጪውን ለብቻው እመለስበታለሁ።

ዮናስ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦ የእኔም ከሰሚራ ጋር አንድ ነው ጋሼ። አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ቀጠረኝ፣ አሁን አዲስ አበባ ና እያሉኝ ነው።

ሐሰን፦ አንድ መሆኑን በምን አወቅህ? ውሉን ጻፍልን።

ዮናስ፦ «ሠራተኛው ሥራውን ደሴ ከሚገኘው መኖሪያ ቤቱ ሆኖ ያከናውናል»።

ሐሰን፦ እንግዲህ ተቃራኒው ነው። ያንተ የሥራ ቦታ ቤትህ ነው፣ ያን የጻፉትም እነሱ ናቸው። ይህን መቀየር ከፈለጉ አንቀጽ 15 መንገዱን ያሳያቸዋል፤ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ ወይም በሁለታችሁ መካከል የጽሑፍ ስምምነት። የአለቃህ የስልክ ጥሪ ከሦስቱ አንዱም አይደለም። የሥራ ደንብ አለን ካሉህ ቅጂውን ጠይቅና አንብበው።

አንድ ነገር ግን ውሉን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብብ። ብዙ ውሎች ከታች «ድርጅቱ እንደ አስፈላጊነቱ በሚመድበው ሌላ ቦታ» የሚል ሐረግ አላቸው። እሱ ካለ ነገሩ ይዞራል። ከሌለ ግን ለጥሪው በጽሑፍ መልስ ስጥ፣ ውሉን ጥቀስ፣ ሥራህንም ሳታቋርጥ በየቀኑ ላክ። ቢያሰናብቱህ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ዘመድ ሲያስታርቅ 3 ወር አልፎበት የመጣብኝ ሰው ብዙ ነው።

ከማል (ኮምቦልቻ)፦ እኔ አሠሪ ነኝ፣ የሌላውንም ወገን ስሙ። ሠራተኛው ወደተባለው ቦታ ለመሄድ ፈቃደኛ ካልሆነ በማስጠንቀቂያ ማሰናበት እንደሚቻል አዋጁ ላይ በግልጽ አለ።

ሐሰን፦ አቶ ከማል፣ እሱ ድርጅቱ ራሱ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ነው። የዮናስ ድርጅት የትም አልሄደም። እርስዎ መጋዘንዎን ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ ቢያዛውሩ ግን ያሉት ልክ ይሆናል።

ከማል፦ እሺ፣ ይሁን። ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ ልጅ እያጫወተ ሙሉ ደሞዝ የሚበላውንስ ማን ይቆጣጠር?

ሰሚራ፦ አቶ ከማል፣ እኔ የወሩን ሒሳብ አንድም ጊዜ ሳላዘገይ ነው ያስረከብኩት። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ጠዋትና ማታ መመላለሱን ደግሞ እርስዎም ያውቁታል።

ሚኪ፦ ታክሲውማ የትራንስፖርት አበሉን ይውጠዋል። ከመናኸሪያ ተሰልፎ...

ሐሰን፦ የታክሲውን ነገር ሌላ ጊዜ። ስለ አበሉ ይህን ብቻ ልበል፤ በአንቀጽ 53 መሠረት የትራንስፖርት አበል ከደሞዝ አይቆጠርም። ሰሚራ፣ ከቤት ስትሠሪ ቆርጠውት ከነበረ፣ ስትመለሺ እንደገና እንዲከፍሉሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

ፋጡማ፦ ጋሽ ሐሰን፣ የከተማ አስተዳደር ሠራተኛ ነኝ። ለእኔስ?

ሐሰን፦ የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ አይታይም። የክልሉን የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ይዘሽ የሰው ሀብታችሁን ጠይቂ።

ሰሚራ፦ ወጪውን እመለስበታለሁ ብለው ነበር።

ሐሰን፦ አዎ። መነሻው አንቀጽ 12 ነው። በውሉ በሌላ አኳኋን ካልተስማማችሁ በቀር፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያና ቁሳቁስ የሚያቀርበው አሠሪው ነው። ላፕቶፑ መሣሪያ ነው፣ ብዙ አያከራክርም። ውልሽ «በራሷ ኮምፒዩተር» ካላለ ማቅረብ ነበረባቸው። ኢንተርኔቱ ግን ያከራክራል። እኔ ቁሳቁስ ነው ብዬ እከራከራለሁ፤ ያለ እሱ የሒሳብ ፋይሉን መክፈት አትችይምና። አሠሪው ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ሲጠቀምበት ነበር ይላል። መብራቱ ከዚህም የባሰ ነው፣ በአንድ ቆጣሪ ላይ ምጣዱም ኮምፒዩተሩም ስላሉ ለመለየት ያስቸግራል። ለዚህ ነው ገና ሲጀመር «በወር ይህን ያህል ይከፈላል» ተብሎ ይጻፍ የምለው።

አሁን ያንቺን እናስላ። 14 ወር በ1,000 ብር፣ 14,000 ብር ወጥቷል። ነገር ግን አንቀጽ 163 የደሞዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎችን ጥያቄ በ6 ወር ያግደዋል። ይህ ወጪ «ሌሎች ክፍያዎች» ውስጥ አይገባም፣ አንድ ዓመት አለው ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል። በእሱ አትተማመኚ፣ በጠባቡ ቁጠሪ። ዛሬ ክስ ብታቀርቢ በእርግጠኝነት የምትጠይቂው የመጨረሻዎቹን 6 ወራት፣ 6,000 ብር ነው። ሌላ ወር ዝም ካልሽ ደግሞ ከኋላው አንድ ወር ይቆረጥብሻል፤ ከቤት መሥራቱ ስለቆመ ከፊት የሚጨመር የለም። የከፈልሽበትን የቴሌብር ማረጋገጫ ሁሉ ከስልክሽ አውጥተሽ አትሚ።

ከማል፦ እኔ ብሆን አልከፍልም። ከቤት መሥራቱን የለመነችው እሷ ትሆናለች፣ የታክሲም ተርፎላታል።

ሐሰን፦ ማን ጠየቀ የሚለው በእርግጥ ለውጥ ያመጣል፣ ዳኛም ይጠይቀዋል። ሰሚራ፣ የጠየቅሽው አንቺ ነሽ?

ሰሚራ፦ አይ፣ መንገዱ ሲያስቸግር እነሱ ናቸው ያዘዙን። አራት ሆነን ነበር።

ሐሰን፦ እንግዲያው ይህንንም ጻፊው።

አበበ፦ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራ ይቆማል። አለቃዬ የጠፋበትን ቀን ከደሞዜ ይቆርጣል። ትክክል ነው?

ሐሰን፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። በወሎ ከቤት ለሚሠራ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው አንቀጽ 54 ነው። ደሞዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ ነው ይልና ወዲያው ይለየዋል፤ ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ በመሣሪያና ጥሬ ዕቃ መቋረጥ ወይም ከእሱ ባልመነጨ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደሞዙን ያገኛል። በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲዘጋ የእናንተ ጥፋት ነበር? አልነበረም።

ክርክሩ የሚወድቀው «ዝግጁ» በሚለው ላይ ነው፤ ዝግጁ እንደነበርክ ማሳየት ያለብህ አንተ ነህና። መብራት እንደጠፋ፣ በዚያው ሰዓት ለአለቃህ በአጭር መልእክት «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ መብራት የለም፣ ሌላ ሥራ ካለ ልሥራ» ብለህ ጻፍ። ዳታ ሲዘጋም አጭር መልእክት ይሄዳል። ሲመለስም ጻፍ። ማታ ላይ የሚጻፍ ምክንያት ሰበብ ይመስላል። አለቃህ «ቢሮ ጄኔሬተር አለ፣ ና» ካለህና መንገዱ ደኅና ሆኖ ሳለ ካልሄድክ ደግሞ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ከአንተ የመነጨ ይሆናል። መቁረጡን በተመለከተ፣ ከሕግ፣ ከኅብረት ስምምነት፣ ከሥራ ደንብ፣ ከፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ከራስህ የጽሑፍ ስምምነት ውጭ ከደሞዝ አይቆረጥም።

ሩት፦ ከወሊድ በኋላ ከቤት እንድሠራ ማስገደድ እችላለሁ?

ሐሰን፦ አትችይም። ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አለሽ። ከዚያ ያለፈው በስምምነት ነው።

ታጋይ_ኮምቦልቻ፦ ከቤት እየሠራሁ ነው፣ ቢሮ ግባ አሉኝ። መግባት አለብኝ?

ሐሰን፦ ከላይ ያለውን አላነበብክም። ውሉ ምን ይላል? ደብዳቤው ምን ይላል? ሁለቱን ሳትጽፍ አትጠይቀኝ።

ሰሚራ፦ እኔ ሰኞ ምን ላድርግ?

ሐሰን፦ በሰዓቱ ግቢ። በእጅሽ ሁለት ቅጂ ደብዳቤ ይኑር፤ ትእዛዙን ተቀብዬ ተመልሻለሁ፣ ከቤት የሠራሁት በድርጅቱ ትእዛዝ ነበር፣ የከፈልኩት ኢንተርኔት በአንቀጽ 12 መሠረት ይተካልኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ኮምፒዩተር ይቅረብልኝ የሚል። አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥተሽ ሌላው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቺ። አንቀበልም ካሉሽ በፖስታ ቤት በአደራ ላኪ። በሁለት ሳምንት ካልመለሱ ኮምቦልቻ ሥራና ክህሎት ያለውን የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ አናግሪ፤ ስድስት ወሩ ግን ተቆጣጣሪውን አይጠብቅም፣ ፍርድ ቤት ሠራተኛን የዳኝነት ክፍያ ስለማያስከፍል ክሱን ጎን ለጎን አዘጋጂ። አብረውሽ የታዘዙት ሦስቱም ለየራሳቸው ይጻፉ።

ከማል፦ የኢንተርኔቱን ነገር አሁንም አልተቀበልኩትም።

ሐሰን፦ አይቀበሉት፣ ችሎት ይወስነዋል። ለእርስዎ ሠራተኞች ግን ደብዳቤ ጽፈውላቸዋል?

ከማል፦ በቃል ነው የነገርኳቸው።

ሐሰን፦ ዛሬ ይጻፉላቸው።