«አቀላጥፌ» የምትለዋን ቃል አውጪያት

«ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ አስመጪ ድርጅት የጭነት ሰነድ እከታተላለሁ። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ እችላለሁ። ለሥራ ማመልከቻ በጻፍኩት አጭር መግለጫ መጨረሻ ላይ ‹አምስት ቋንቋ አቀላጥፌ እናገራለሁ› የሚል አስገብቻለሁ። ጓደኛዬ ጉራ ይመስላል አለችኝ። ላውጣው?»

እህቴ፣ ቋንቋዎቹን አታውጪ። «አቀላጥፌ» የምትለዋን ቃል ግን አውጪያት፤ እኔን ያሳፈረችኝ እሷ ናት።

የትራንዚተርነት ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ትልቅ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ሥራ አስኪያጁ ምንም ሳይጠይቀኝ ከጅቡቲ የመጣ የፈረንሳይኛ ደብዳቤ አቀበለኝ። ጉዳዩ ቀላል ነበር፤ በጭነት ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ክብደትና በቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ ያለው አልገጠሙም። «አንድ አንቀጽ መልስ ጻፍ» አለኝ። እኔ ፈረንሳይኛን የተማርኩት ከባቡር ሠራተኛው አባቴ አፍ ነው (ለገሃር የምንለው ራሱ የፈረንሳይኛ ቃል አይደል)። በስልክ ስናገር ማንም አያቆመኝም፤ ብዕር ስይዝ ግን ሦስት መስመር ጽፌ ደረቅኩ። ሰውየው አነበበ፣ አመሰገነኝ፣ ዳግም አልጠራኝም። ከዚያ በኋላ ሶማሊኛዬንም አማርኛዬንም ሳይጠራጠር የቀረ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ ስለ እያንዳንዱ ቋንቋ የምጽፈው ሦስት ነገር ነው፤ ከማን ጋር፣ በምን ጉዳይ፣ በአፍ ነው ወይስ በጽሑፍ።

ፈረንሳይኛሽን እንውሰድ። «ፈረንሳይኛ እችላለሁ» ከማለት «ከጅቡቲ ወኪሎች የኮንቴይነር ቁጥር በስልክ በፈረንሳይኛ እቀበላለሁ» ማለት ይበልጣል፤ ምክንያቱም የሥራውን ጣጣ የሚያውቅ ሰው ይህች ዓረፍተ ነገር ምን እንደምታወጣ ያውቃል። የኮንቴይነር ቁጥር አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ ነው። ወኪሉ አኃዞቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በፍጥነት ይዘረግፋቸዋል። 82 «ካትር ቫን ዶ» ነው፣ 92 ደግሞ «ካትር ቫን ዱዝ»። በመጥፎ መስመር ላይ ሁለቱ በቀላሉ ይምታታሉ። የመጨረሻዋ አኃዝ ከሌሎቹ ተሰልታ ስለምትገኝ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ ይያዛል፤ እስኪያዝ ድረስ ግን ግማሽ ቀን «እንዲህ ያለ ኮንቴይነር የለም» ሲሉሽ ትውያለሽ። እኔ ቁጥሩን መልሼ አንድ በአንድ አነብላቸዋለሁ። አንቺም የምታደርጊው ከሆነ ጻፊው።

ሶማሊኛና አፋን ኦሮሞ ላይ ደግሞ የእኛ ከተማ ሰው ራሱን የሚያታልልበት ነገር አለ። ሁለቱንም በገበያ ስላደግንባቸው ማንበብም የምንችል ይመስለናል። ሁለቱም የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ ፊደሎቹ ግን አንድ ድምፅ የላቸውም። በሶማሊኛ «C» ከጉሮሮ የምትወጣዋ «ዓ» ናት፣ በኦሮምኛ «ጭ» ናት። «X» በሶማሊኛ «ሐ»፣ በኦሮምኛ «ጥ» ናት። ስለዚህ በሾፌር ወረቀት ላይ «Cali» ተብሎ የተጻፈው ሰው ዓሊ ነው፤ ቁቤ ብቻ የሚያውቅ ግን «ጫሊ» ብሎ ያነበዋል። አንድ ባልደረባችን በመረከቢያ ደብዳቤ ላይ በአማርኛ «ጫሊ» ብሎ ጽፎ መኪናው በር ላይ አድሯል፤ ስሙ ከመታወቂያው ጋር አልገጠመማ። የሁለቱን አጻጻፍ የምትለዪ ከሆነ በዚህ መስመር ላይ ትልቅ ነገር ነው፤ በመግለጫሽ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ይገባዋል።

እንግዲህ የአንቺን ሥራ ገምቼ እንዲህ ብጽፈውስ፦

«ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የሚመጣ ጭነት ሰነድ እከታተላለሁ። ከወደብ ወኪሎች ጋር በፈረንሳይኛ በስልክ እነጋገራለሁ፣ የፈረንሳይኛ የጭነት ሰነድ አነባለሁ፤ ደብዳቤ የምጻጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከሾፌሮችና ከነጋዴዎች ጋር በሶማሊኛና በአፋን ኦሮሞ እሠራለሁ፤ በሁለቱም የተጻፉ ስሞችን በትክክል ወደ አማርኛ ሰነድ አስገባለሁ።»

«ደብዳቤ የምጻጻፈው በእንግሊዝኛ ነው» የሚለውን ለመሰረዝ ይዳዳሽ ይሆናል። አትሰርዢው፤ ሌላውን ሁሉ የሚያሳምነው እሱ ነው። ቋንቋዎቹ መጨረሻ ላይ ተደርድረው ከሚቀሩ ደግሞ እንዲህ ከሥራው ጋር ተሰፍተው ከላይ ይምጡ። ማመልከቻው ለሌላ ዓይነት ሥራ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጅቡቲን ለማይነካ የሂሳብ ክፍል፣ ፈረንሳይኛውን በአንድ ቃል እለፊው።

ሌላው «አፍ መፍቻ ቋንቋዬ» የሚለው ነው። እኔ አልጽፈውም። በአገራችን ያንን የሚያነብ ሰው ችሎታሽን ትቶ ብሔርሽን ለመገመት ይሄዳል፤ ለሥራው ደግሞ አይጠቅመውም።

«ተርጓሚ» የምትለውንም ቃል በጥንቃቄ ያዣት። ሾፌርና ነጋዴ ማግባባት ሌላ፣ ውል መተርጎም ሌላ። አንዴ «ተርጓሚ» ብለሽ ከጻፍሽ ውሉን ያመጡልሻል።

ከመላክሽ በፊት ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ስለ ክብደት ልዩነት አንድ የፈረንሳይኛ አንቀጽ ያለ መዝገበ ቃላት ለመጻፍ ሞክሪ። ካወጣሽው የእንግሊዝኛዋን ሐረግ አንሺና «በፈረንሳይኛም እጽፋለሁ» በዪ። ካልሆነልሽ እንዳለች ትቀመጥ።