48ቱን ሁሉ አትጠቀሙ

ይሄ ደብዳቤ የሙዚቃ ቅንብር ለምትማሩ ልጆች ነው፤ በተለይ መምህራችሁ «እስቲ በባለ አሥራ ሁለት ድምፁ ዘዴ አጭር ነገር ጽፋችሁ አምጡ» ላላችሁ። ዘዴው አሥራ ሁለቱን ድምፆች በአንድ ቅደም ተከተል ደርድሮ ሙዚቃውን ከዚያ ማውጣት ነው። እኔም ይህን የቤት ሥራ ለብዙ ዓመት ስሰጥና ሳርም ኖሬያለሁ። የሚመጡልኝ ወረቀቶች አብዛኞቹ ችግራቸው አንድ ነው። ማትሪክሱ፣ ማለትም የቁጥር ሠንጠረዡ፣ ልክ ነው፣ ሙዚቃው ግን የለም። ለምን እንዲያ እንደሚሆን ለማየት ዘዴውን ካወጣው ከአርኖልድ ሾንበርግ የፒያኖ ስዊት፣ ከኦፐስ 25፣ የተሻለ ነገር አላውቅም።

መጀመሪያ ሰውየው ምን ቸግሮት እዚህ ውስጥ እንደገባ እንይ። ሾንበርግ ከ1908 ገደማ ጀምሮ ቶናሊቲን ትቶ ነበር። ዜማው ዞሮ ዞሮ የሚያርፍበት ድምፅ የለም ማለት ነው። ያሻውን መጻፍ ቻለ፤ ግን ረጅም ሥራ የሚሠራበት መሣሪያም አብሮ ሄደበት። ከአንድ ቁልፍ ወጥቶ ሌላ ጋ ደርሶ መመለስ የሚባል ነገር ከሌለ አንድ ሥራ ለምን ሃያ ደቂቃ ይቆያል? የት ላይ ነው የሚያልቀው? በ1909 የጻፈው «ኤርቫርቱንግ» ግማሽ ሰዓት ያህል ይሄዳል፣ የሚያስኬደው ግን ቃሉ ነው፤ አንዲት ሴት በጨለማ ጫካ ውስጥ ፍቅረኛዋን ስትፈልግ እንሰማለን። ቃል ሲቀር ደግሞ እጥር ምጥን ያሉ ነገሮች ይወጡታል። የ1911ዎቹ ስድስት ትንንሽ የፒያኖ ሥራዎች ሁሉም ተደምረው ከስድስት ደቂቃ ብዙም አይዘሉም። ከዚያ ለዓመታት ያሳተመው ነገር በጣም ጥቂት ነው።

መፍትሔው በ1920ዎቹ መጀመሪያ መጣ። ከ1921 እስከ 1923 በተጻፈው ኦፐስ 25 ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁሉም ነገር ከአንድ ረድፍ ይወጣል። ረድፉ ይኸው፦

ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሬ ፍላት፣ ሶል ፍላት፣ ሚ ፍላት፣ ላ ፍላት፣ ሬ፣ ሲ፣ ዶ፣ ላ፣ ሲ ፍላት።

አሥራ ሁለቱም ድምፆች አሉ፣ አንዱም አልተደገመም። እዚህ ጋ በቅኝት ያደገ ጆሮ አንድ ስህተት ይሠራል። ረድፉን እንደ ቅኝት ያየዋል። ትዝታ ላይ አምስቱ ድምፆች ይሰጡሃል፣ ከዚያ እንዳሻህ ትመላለሳለህ፤ ትዝታን ትዝታ ያደረገው የትኞቹ ድምፆች እንደገቡና የትኛው ላይ እንደሚታረፍ ነው። ረድፍ ውስጥ ግን ሁሉም ስለገቡ «የትኞቹ» የሚባል ጥያቄ የለም። አንዱን ረድፍ ከሌላው የሚለየው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው፤ ማለትም ከአንዱ ድምፅ ወደ ቀጣዩ ያለው ርቀት።

ርቀቱን በግማሽ ድምፅ ቁጠሩት። ሚን 0 በሉት፣ ፋ 1 ይሆናል፣ ሶል 3፣ እያለ ይቀጥላል። የሾንበርግ ረድፍ በቁጥር 0፣ 1፣ 3፣ 9፣ 2፣ 11፣ 4፣ 10፣ 7፣ 8፣ 5፣ 6 ነው። ግልባጩን ለማግኘት እያንዳንዱን ቁጥር ከ12 ቀንሱ፣ 0 ግን እዚያው 0 ይቀራል። ወደ ላይ የሄደው ወደ ታች፣ ወደ ታች የሄደው ወደ ላይ ዞረ ማለት ነው፦ 0፣ 11፣ 9፣ 3፣ 10፣ 1፣ 8፣ 2፣ 5፣ 4፣ 7፣ 6። ማትሪክስ የምንለው እንግዲህ ይሄው ነው። ረድፉን ከላይ አግድም ትጽፋላችሁ፣ ግልባጩን በግራ በኩል ቁልቁል። ከዚያ እያንዳንዱን መስመር በግራ ካለው ቁጥር ጀምራችሁ ያንኑ ረድፍ አሸጋግራችሁ ትሞላላችሁ፤ 12 ከሞላ ወይም ካለፈ 12 ትቀንሳላችሁ። ሁለተኛው መስመር በ11 ስለሚጀምር 11፣ 0፣ 2፣ 8፣ 1፣ 10 ብሎ ይቀጥላል። ከግራ ወደ ቀኝ ስታነቡ ረድፉ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የኋልዮሹ፣ ከላይ ወደ ታች ግልባጩ፣ ከታች ወደ ላይ የግልባጩ የኋልዮሽ። አራት መልክ በአሥራ ሁለት መነሻ፣ 48።

መሳሳታችሁን ማወቅ ቀላል ነው። ከላይ ከግራ ጥግ ወደ ታች ቀኝ ጥግ የሚወርደው ሰያፍ መስመር በሙሉ 0 መሆን አለበት። በሰያፉ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሳጥኖች ደግሞ ተደምረው 12 ይመጣሉ። አንዱ ቦታ ካልመጣ እዚያ ጋ ቆጠራ ተበላሽቷል፣ ወደፊት አትሂዱ።

እስከዚህ ድረስ ማንም ይሠራዋል፤ አሁን የስልክ መተግበሪያም በሰከንድ ይሞላዋል። ተማሪዎቼ የሚወድቁት ከዚህ በኋላ ነው። 48 ሲያዩ 48ቱንም ሊጠቀሙ ይፈልጋሉ። አንደኛው መስመር፣ ሁለተኛው መስመር፣ ሦስተኛው... ውጤቱ ምን ይሆናል? አሥራ ሁለቱ ድምፆች በእኩል እየተዟዟሩ ሁሉም ገጽ ሌላውን ይመስላል። ጆሮ የሚይዘው ነገር ያጣል።

ሾንበርግስ በኦፐስ 25 ስንቱን ተጠቀመ? ስምንት ብቻ። በሚ የሚጀምረውን ረድፍና ግልባጩን፣ በሲ ፍላት የሚጀምረውን ረድፍና ግልባጩን፣ ከነኋልዮሻቸው። አርባው ቀረ። ለምን እነዚህን? ረድፉ በ0 ጀምሮ በ6 ያልቃል፤ ከሚ እስከ ሲ ፍላት ስድስት ግማሽ ድምፅ ነው፣ የኦክታቩ ልክ ግማሽ። ስድስት ተገልብጦም ስድስት ነው። ስለዚህ ግልባጩም ከሚ ተነስቶ ሲ ፍላት ላይ ያርፋል። ከሲ ፍላት የሚጀምሩት ደግሞ ሚ ላይ ያልቃሉ። ስምንቱም በእነዚህ ሁለት ድምፆች መካከል ይመላለሳሉ፣ የአንዱ መጨረሻ የሌላው መጀመሪያ ይሆናል። ማረፊያ ድምፅ የለም የተባለው ሙዚቃ ውስጥ ሰውየው በጓሮ በር ሁለት ምሰሶ አስገባ!

ሌላም አለ። ሦስተኛና አራተኛ ቦታ ላይ ያሉትን ተመልከቱ። አራቱን መልኮች መጀመሪያቸውን ብቻ ልጻፍላችሁ፦

ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሬ ፍላት
ሚ፣ ሚ ፍላት፣ ሬ ፍላት፣ ሶል
ሲ ፍላት፣ ሲ፣ ሬ ፍላት፣ ሶል
ሲ ፍላት፣ ላ፣ ሶል፣ ሬ ፍላት

በአራቱም ውስጥ ሶልና ሬ ፍላት እዚያው ቦታቸው ላይ ናቸው፣ የሚቀያየሩት ማን ይቅደም በሚለው ብቻ ነው። ይሄ ወረቀት ላይ የተደበቀ ጨዋታ አይደለም፣ ይሰማል። ፕሪሉዱ ሲጀምር ቀኝ እጅ በሚ የሚጀምረውን ይዞ ይወጣል፣ ግራ እጅ በሲ ፍላት የሚጀምረውን ይዞ ይከተላል፤ ቀኝ እጅ ሶል፣ ሬ ፍላት ያለውን ግራው ሬ ፍላት፣ ሶል ብሎ ይመልስለታል። «ሙዜት» የተባለው ክፍል ውስጥ ደግሞ ሶልን ከረድፉ መዝዞ አውጥቶ ደጋግሞ ይመታዋል፤ ሙዜት ድሮም እንደ ባለ ከረጢት ዋሽንት ከሥር አንድ ድምፅ እያንጎራጎረ የሚሄድ ጭፈራ ነበርና። «ረድፉ እስኪያልቅ አንድ ድምፅ አይደገምም» የሚለውን ሕግ ዋናው ሰውዬ ራሱ እንዴት እንደሚይዘው ልብ በሉ። የመጨረሻዎቹ አራት ድምፆች የኋልዮሽ ሲነበቡ ሲ ፍላት፣ ላ፣ ዶ፣ ሲ ይሆናሉ፤ በጀርመኖች የኖታ አጠራር ይሄ የባህ ስም ነው። ቅርጾቹም ጋቮት፣ ሚኑዌት፣ ጂግ ናቸው፣ የባህ ዘመን ጭፈራዎች። ዘዴው ነፃ ያወጣው በዚህ መንገድ ነው። ቃል ሳይደግፈው እንደገና ረዘም ያለ ነገር መሥራት ቻለ፤ በ1924 የጨረሰው የነፋስ መሣሪያዎች ክዊንቴት አርባ ደቂቃ ገደማ ይሄዳል።

ሕጉ ሁሉንም ሰው አንድ ዓይነት አያደርግም። ተማሪው አልባን በርግ በ1935 ለቫዮሊን ኮንቼርቶው የጻፈውን ረድፍ እዩት፦ ሶል፣ ሲ ፍላት፣ ሬ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ሻርፕ፣ ሲ፣ ዶ ሻርፕ፣ ሬ ሻርፕ፣ ፋ። በሦስት በሦስት ያዙት፤ ሶል ማይነር፣ ሬ ሜጀር፣ ላ ማይነር፣ ሚ ሜጀር ተደራርበው ታገኛላችሁ፣ የቫዮሊኑ አራት ክሮችም እዚያው ውስጥ አሉ። የመጨረሻዎቹ አራት ድምፆች ባህ ካቀናበረው መዝሙር መግቢያ ጋር ይገጥማሉ፣ በርግም መጨረሻው ክፍል ላይ መዝሙሩን ራሱን ያስገባዋል። ሙዚቃው የሚፈቀድለትንና የሚከለከለውን ግማሹን የወሰነው ገና ረድፉን ሲጽፍ ነው። አሜሪካዊው አሮን ኮፕላንድም በ1950 ለፒያኖ ኳርቴቱ ወደዚህ መንገድ ሲገባ፣ ካለዚያ የማይሰማቸውን ኮርዶች እንዳሰማው ተናግሯል፤ የተጠቀመበት ረድፍ ደግሞ አሥራ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው።

ታዲያ ዘዴው እስር ቤት የሆነው መቼ ነው? ፒየር ቡሌዝ ለሁለት ፒያኖ የጻፈውን «ስትራክቸርስ» የመጀመሪያ ክፍል ስሙ። በ1952 ፓሪስ ውስጥ እሱና መምህሩ ኦሊቪየ መሲየን ተጫውተውታል፤ ረድፉም ከመሲየን ሥራ የተወሰደ ነው። እዚህ ጋ ቁጥሮቹ ለድምፅ ብቻ አይደሉም። ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ምን ያህል ጮክ እንደሚል፣ እንዴት እንደሚመታ፣ ሁሉም ከቁጥር ሠንጠረዥ ይወጣል። መልኮቹስ? 48ቱም፣ እያንዳንዱ አንድ አንድ ጊዜ! ሁሉም ከመጣና ማንም ካልተመለሰ አንዱን ከሌላው የምታስበልጥበት ምክንያት አይኖርህም። ለእኔ ደረቅ ነው፣ እሺ፣ ግን ደረቅነቱ ሆን ተብሎ ነው። ቡሌዝ ራሱ ከፓውል ክሌ ሥዕል ወስዶ «በለም መሬት ወሰን ላይ» የሚል ርዕስ ሊሰጠው አስቦ ነበር። ወሰኑን ለማየት አንድ ጊዜ ሄደ፣ አየ፣ ተመለሰ። እናንተ የምታደርጉት ስህተት ይሄንኑ ጉዞ ሳታውቁት መሄድ ነው።

ሌላው እስር ከማትሪክሱ ጋር አይገናኝም። ጆርጅ ሮክበርግ በአሜሪካ ከዘዴው ምርጥ አዋቂዎች አንዱ ነበር። በ1964 ወንድ ልጁ ሞተበት። ከዚያ በኋላ በዚህ ቋንቋ ሐዘኑን መናገር አልቻለም፣ ተወው፤ በ1972ቱ ሦስተኛ ስትሪንግ ኳርቴቱ ውስጥ ቶናሊቲ በግልጽ ተመልሷል። በርግ ደግሞ ያንን የቫዮሊን ኮንቼርቶ በዚያው ዘዴ ለሞተች የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ መታሰቢያ አድርጎ ጽፏል። ሁለቱን አስታርቁልኝ ብትሉኝ አልችልም፣ መሞከሩም ለእኔ ዋጋ የለውም።

ለቤት ሥራችሁ ግን ይሄን አድርጉ። ማትሪክሱን ሙሉና ሰያፉን አይታችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ረድፋችሁ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው በስድስት ግማሽ ድምፅ የሚራራቁ ሁለት ድምፆችን ፈልጉ፣ ከሌሉ ረድፉን እንደገና ጻፉ። እነዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን የሚመጡባቸውን መልኮች በሙሉ ማትሪክሱ ላይ በእርሳስ አክብቧቸው። ብዙ አይሆኑም። ከእነዚህ አራት ምረጡና የቀረውን ወረቀት አጥፋችሁ መሳቢያ ውስጥ ክተቱት፤ ስታስረክቡኝ ከአራቱ ውጭ የተጠቀማችሁበት መልክ ካለ በምን ምክንያት እንዳስገባችሁት በኖታው ጠርዝ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉልኝ።