አሠሪው የሚሞላው ክፍል

ባሕር ማዶ ድርጅት ከፍታችሁ ከሌላ አገር ሠራተኛ ለማስመጣት ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ የሥራ ፈቃድ ማመልከቻ ስትጀምሩ ከሠራተኛው ፓስፖርትና የትምህርት ማስረጃ በፊት እናንተ የምትሞሉትን ክፍል አንብቡ። የመጀመሪያውን ሠራተኛ ሳስመጣ ማመልከቻው የተመለሰብኝ በእሱ ሰነድ ምክንያት አልነበረም፤ እኔ በጻፍኩት የደመወዝ ቁጥር ነው።

ሰውየው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። በቅጥር ውሉ በሰዓት 20፣ በሳምንት 40 ሰዓት ብለን ተስማምተናል። ቅጹ የወር ደመወዝ ሲጠይቀኝ ወሩን አራት ሳምንት አድርጌ 3,200 ጻፍኩ፤ የዓመቱን ሲጠይቀኝም ይህንኑ በ12 አባዝቼ 38,400 አልኩ። ዓመት ግን 52 ሳምንት ነው። 20 በ40፣ ከዚያም በ52 ሲባዛ 41,600 ይሆናል፤ በወር 3,467 ገደማ ማለት ነው። ቅጹና ውሉ በዓመት 3,200 ተለያዩ። መርማሪው የትኛው እንደሚከፈል፣ ያነሰውም ለሙያው ከተቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ በታች እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ሁልጊዜ ከሰዓቱ ክፍያ ተነስታችሁ መጀመሪያ የዓመቱን አስሉ፤ የወሩን ከዚያ አውጡ። የትርፍ ሰዓት ክፍያና የቤት አበል በመመሪያው ካልተፈቀደ በቀር ከደመወዙ ጋር አትደምሩ።

የሥራ መደቡም እንዲሁ ነው። ማመልከቻውን ያጠነክርልኛል ብላችሁ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን «መሐንዲስ» አትበሉት። ስሙ ከፍ ሲል የሚጠየቀው ዲግሪና ደመወዝ አብሮ ከፍ ይላል፤ በኋላ ተቆጣጣሪ መጥቶ ገመድ ሲዘረጋ ቢያገኘው ተጠያቂው እናንተ ናችሁ። ሰውየው ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራውን በተራ ቃል ዘርዝሩ። የድርጅቱ ስም ደግሞ በበሩ ላይ የተሰቀለው ሳይሆን በንግድ ምዝገባው ላይ ያለው ይሁን።

ብዙ አገሮች በቅድሚያ በአገር ውስጥ ሠራተኛ መፈለጋችሁን በማስረጃ እንድታሳዩ ይጠይቃሉ። ያኔ ያወጣችሁት ማስታወቂያ በደመወዝም በመስፈርትም ከቅጹ ጋር መግጠም አለበት። ሥራው የማይፈልገውን ቋንቋ መስፈርት ማድረግ የአገሬውን አመልካች ለማስቀረት የታሰበ ይመስላልና ተጠንቀቁ።

የአሠሪውን መግለጫ የሚፈርመው ድርጅቱን ወክሎ የመፈረም ሥልጣን ያለው ሰው ነው። ባዶ ቅጽ ፈርማችሁ ለጉዳይ አስፈጻሚ በፍጹም አትስጡ፤ በውስጡ ለሚጻፈው ሁሉ ኃላፊነቱ የፈራሚው ነው። ከማስገባታችሁ በፊትም የተሞላውን ቅጂ አስቀሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን ሠራተኛ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ላዛውር ስል መጀመሪያ ያወጣሁት ይህንን ቅጂ ነው። «የሥራ ቦታ» በሚለው መስመር የጻፍኩት አንድ አድራሻ ብቻ ስለነበር፣ ሰውየውን ከማንቀሳቀሴ በፊት የፈቃድ ማሻሻያ ጠየቅሁ።