ለቢሮ በር ፌይል ሴፍ ወይስ ፌይል ሴኪዩር?

ጥያቄ፦ «ለትንሽ ቢሯችን መግቢያ በር ስማርት ሎክ ልግዛ ወይስ ኤሌክትሪክ ስትራይክ ላስገጥም? ገጣሚው ፌይል ሴፍ የሚባለውን ውሰዱ ይለናል። መብራት ሲጠፋ በሩ ምን ይሆናል?»

ሰላም ለእርስዎ። ገጣሚው የሰጠዎትን ምክር እኛም ቃል በቃል ሰምተነው ነበር፤ ያስከተለብንን ጣጣ እርስዎ እንዳያዩት የማውቀውን ልጻፍልዎ።

1. በራሱ ባትሪ የሚሠራ ስማርት ሎክ የሕንፃው መብራት ቢጠፋም ሥራውን ይቀጥላል። የራሱ ባትሪ ሲያልቅ ግን አብዛኛው ዓይነት በነበረበት ይቀራል፤ ተቆልፎ ከነበረ እንደተቆለፈ፣ ተከፍቶ ከነበረ እንደተከፈተ። ስለዚህ ከውጭ በተራ ቁልፍ የሚከፈት መሆኑን ሳያረጋግጡ አይግዙ። ብዙ ሰው ለሚመላለስበት የቢሮ በር ግን ሞተሩ በየጊዜው ባትሪ ስለሚጨርስ እኔ ስትራይክን እመርጣለሁ።

2. ስትራይክ የሚገጠመው በመቃኑ ውስጥ ሲሆን የበሩን ቁልፍ ምላስ ይዞ ያስቀራል። ፌይል ሴኪዩር የሆነው ምላሱን የሚለቀው ኃይል ሲደርሰው ብቻ ስለሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ከውጭ እንደተቆለፈ ይቆያል። ፌይል ሴፍ የሆነው ደግሞ ኃይል እስካገኘ ድረስ ይይዛል፣ ኃይሉ ሲቋረጥ ይለቃል።

3. የእኛ ገጣሚ ያስገባልን ፌይል ሴፉን ነበር። ምክንያቱን ስንጠይቀው «እሳት ቢነሳ ሰው ውስጥ ይታገታል» አለን፤ ይህን የሰማ ሰው ደግሞ አይከራከርም። መብራት ቢጠፋ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ እንደሚበቃም አረጋገጠልን። ስሌቱን ራሴ የሠራሁት ኋላ ነው። ስትራይኩ በሩን ለመያዝ ብቻ ያለማቋረጥ 0.3 አምፔር ይወስዳል፤ የካርድ ማንበቢያው 0.1 ይጨምርበታል። 7 ለ0.4 ሲካፈል 17 ሰዓት ተኩል ነው፣ ያውም ባትሪው አዲስ ከሆነ። መብራቱ ቅዳሜ ማታ ጠፍቶ ሰኞ ጠዋት ነው የመጣው። እሑድ ቀትር ላይ ባትሪው አልቆ ኖሮ፣ ሰኞ ማለዳ የመጣችው ባልደረባችን በሩን ገፋ ስታደርገው ያለ ካርድ ተከፈተላት። ሁለት ላፕቶፕ ጠፍቶ ነበር። ገጣሚው ስንደውልለት «ዕቃው የተሠራው እንዲህ እንዲሆን ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋው፤ ይህ እስካሁን ያናድደኛል፣ ምክንያቱም እውነት ነው፣ እኛ ግን የከፈልነው እሱ ይህን አስቀድሞ እንዲነግረን ነበር።

የእሳቱም ክርክር ለእንዲህ ዓይነት በር አይሠራም። ከውስጥ ያለው እጀታ ሲጫኑት ምላሱን ራሱ የሚስብ ከሆነ፣ ስትራይኩ ያዘም ለቀቀም፣ መብራት ኖረም አልኖረም ሰው ይወጣል። መውጫውን የሚወስነው እጀታው ነው፤ ስትራይኩ የሚወስነው ከውጭ ማን እንደሚገባ ነው። የእርስዎ በር ከውስጥ ምላሱን የማይስብ ደረቅ መያዣ ብቻ ካለው መጀመሪያ እጀታውን ያስቀይሩ። በሩ እሳት እንዲያግድ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ፌይል ሴፍ ስትራይክ ጭራሽ አይገባውም፤ ኃይል ሲቋረጥ ምላሱ የሚይዘው ስለሚያጣ እሳትና ጭሱ በሩን ገፍቶ ሊከፍተው ይችላል።

ስትራይካችን አንዲት ብሎን በማዞር ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው የሚቀየር ስለነበር አዲስ መግዛት አላስፈለገንም። ሌላ ሠራተኛ መጥቶ ብሎኗን አዞረና ጨረስኩ አለ፤ በሩ ግን ቀኑን ሙሉ ክፍት ሆነ፣ ስትራይኩም ጋለ። ሽቦው በመቆጣጠሪያው ላይ NC በተባለው ማሰሪያ እንደነበረ ቀርቶ ስለነበር ኃይል ያለማቋረጥ ይደርሰው ነበር። ሽቦውን ወደ NO እንዲያዛውር ያሳየሁት እኔ ነኝ፣ በዚህም እኮራለሁ። አሁን ስትራይኩ ኃይል የሚወስደው ካርድ ሲነካ ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ስለሆነ፣ ያው ባትሪ ማንበቢያውን በስሌት 70 ሰዓት፣ በተግባር ከዚያ ጥቂት ባነሰ ጊዜ ያቆየዋል። ባትሪውም ቢያልቅ በተራ ቁልፍ እንገባለን፤ ቁልፉን የያዙትም ሁለት ሰዎች ናቸው።

ሒሳቡን ከመክፈልዎ በፊት ገጣሚው ፊትዎ ቆሞ ሳለ ዋናውን መብራትም ባትሪውንም ያስነቅሉ። በሩ እንደተከፈተ የስትራይኩን ከንፈር በጣትዎ ይግፉት፤ ከታጠፈልዎ ፌይል ሴፍ ነው፣ ከጠነከረ ፌይል ሴኪዩር ነው። ከዚያ አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ በሩን ዘግቶ በእጀታው ብቻ ይውጣ፣ እርስዎም ከውጭ በቁልፍ ይግቡ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ካልሠራ ገንዘቡን አይስጡት።