አባቴ ሽማግሌ ላከብኝ፤ ምን ልበል?

«31 ዓመቴ ነው። አባቴ ሲጠጣ እናቴንም እኔንም ይደበድብ ነበር። ከ4 ዓመት በፊት ከቤት ወጣሁ፤ ቁጥሩንም ብሎክ አደረግኩ። አሁን ስኳሩ ጠንቶበታል አሉ። ለፋሲካ እንድንታረቅ ሽማግሌ ላከብኝ። እህቴ ‹ይረግምሻል፤ ሞቶ ይቆጭሻል› ትለኛለች። አንድ ቀን ናፍቆኝ አለቅሳለሁ፤ በማግስቱ ድምፁን ሳስብ እጄ ይንቀጠቀጣል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ይቅር ማለትና መታረቅ ይለያያሉ። ይቅርታውን ቤትሽ ተቀምጠሽ፣ እሱ ሳያውቅ፣ በራስሽ ጊዜ ልታደርጊው ትችያለሽ። እርቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ የበደለውም ያደረገውን አፍ አውጥቶ መናገር አለበት።

ስለዚህ ሽማግሌዎቹን እሺም እምቢም ከማለትሽ በፊት ጠይቂያቸው። «ምን በደልኩ አለ? መጠጡንስ ትቷል?» በያቸው። «መትቻታለሁ፣ እናቷንም አሰቃይቻለሁ» ካለ መነሻ አለሽ። «ያለፈው አልፏል፤ አባቷ አይደለሁም ወይ?» ብቻ ካለ ግን የሚፈልገው ዝም እንድትይለት ነው።

መሞከር ከፈለግሽ በትንሹ ጀምሪ። ቤቱ አትሂጂ፤ ጠዋት፣ ሳይጠጣ፣ ለአሥር ደቂቃ ደውይለት። ከዚያ አንድ ትንሽ ነገር እምቢ በዪው፦ «ለፋሲካ አልመጣም፤ በሳምንቱ እደውላለሁ።» እኔ ከሁሉም በላይ የማየው ይህን ነው። ቅር እያለውም ቢሆን «እሺ ልጄ» ካለ የተለወጠ ነገር አለ። ከጮኸ ወይም በእህትሽ በኩል እርግማን ከላከ ገና ነው። የራስሽንም ሁኔታ ተከታተዪ። ከስልኩ በኋላ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ማጣት ያጋጥማል። ሳምንት ሙሉ ካልተኛሽ ግን ስልኩን አቁሚ።

የእህትሽ ስጋት ከንቱ አይደለም። ብትቀሪም ብትሄጂም የሚቆጭሽ ነገር አይጠፋም። ግን ሞትን ፈርተሽ ብቻ አትመለሺ። አንዲት የማማክራት ሴት እናቷ ሲታመሙ በድንጋጤ ጠቅልላ ተመለሰች። ማንም ስለ ቀድሞው ሳይነጋገር ያው ስድብ ጀመረ። ሁለተኛው መለያየት ከመጀመሪያው ይልቅ ጎዳት።

አሁን የሚያሠቃይሽ ግን አለመወሰንሽ ብቻ አይመስለኝም። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይመጣል፣ ይለቀሳል። አባት በሕይወት እያለ ሲታጣ ማን «እግዜር ያጽናሽ» ይላል? አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ እንዲህ ያለውን፣ መቋጫ የሌለውን እጦት ለብዙ ዓመታት አጥንታለች። ሰውየው አለም፣ የለምም። በዚህ መሃል ናፍቆትና ፍርሃት አብረው መምጣታቸው ወላዋይ አያደርግሽም፤ ሁለቱም እውነትሽ ናቸው።

በየሌሊቱ «ልደውል? አልደውል?» እያልሽ እንዳትደክሚ ቀን ቁረጪ። ለምሳሌ እስከ ሐምሌ በያዝሽው ውሳኔ ቆዪ፤ ያኔ እንደገና ታይዋለሽ። በሽታው ከባሰበት ደግሞ ሐምሌን ሳትጠብቂ ልታይው ትችያለሽ። በናፈቀሽ ቀን ለምታምኚው ሰው «ዛሬ አባቴ ናፍቆኛል» በዪ። «እንግዲያው ታረቂያ!» እንዳይልሽ ግን አስቀድመሽ ንገሪው።